ኮንቬክሲቲው 4.20 ነው ወይስ 420?

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። የተሰበሰብነው የስጋት ሪፖርታችንን አሠራር ልንከልስ ነው። እኔ ግን አንድ ቁጥር ይዤ መጥቻለሁ፤ እሱን ሳልናገር አልቀመጥም።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ነው። አለቃዬ አንድ ቦንድ አሳዩኝ። ዕድሜው 30 ዓመት፣ ኩፖኑ በዓመት 4 በመቶ፣ የገበያ ዪልዱም 4 በመቶ። ስለዚህ ዋጋው ልክ 100 ነው። "ዪልዱ ወደ 6 በመቶ ቢወጣ ስንት እናጣለን?" አሉኝ። ከሲስተሙ ሁለት ቁጥር ገለበጥኩ፤ ዱሬሽን 17.29፣ ኮንቬክሲቲ 4.20። ከዚያ ሁላችሁም የምታውቁት ቀመር ውስጥ አስገባኋቸው።

```
ΔP/P ≈ -D·Δy + ½·C·(Δy)²
```

ዱሬሽኑ 34.58 በመቶ ኪሳራ አለ። ኮንቬክሲቲው ከዚያ ላይ የመለሰው 0.08 በመቶ ብቻ ነው። "የኮንቬክሲቲው ድርሻ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም" ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩም። የኪሳራ ጣሪያችን 30 በመቶ ስለነበር በማግስቱ የቦንዱ ግማሽ ተሸጠ።

ከሳምንት በኋላ አንዲት ባልደረባዬ ቀመሩን ወዲያ ትታ እያንዳንዱን ኩፖንና ዋናውን ገንዘብ በ6 በመቶ ወደ ዛሬ ዋጋ መለሰችው። 72.47 መጣ። ኪሳራው 27.53 በመቶ ነው፤ ከጣሪያው በታች! የሸጥነው በከንቱ ነበር።

ሲስተሙ አልተሳሳተም። ኮንቬክሲቲውን ለ100 አካፍሎ ነው የሚያሳየው። ቀመሩ የሚፈልገው 420ን ነው። እሱን ስታስገቡ 8.40 በመቶ ይመለስና ግምቱ 26.18 ላይ ያርፋል። የቀረችው ልዩነት ቀመሩ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ስለሚቆም የመጣች ናት።

ታዲያ ዛሬም መለኪያው ያልተጻፈበት ኮንቬክሲቲ ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል! ለ100 ተካፍሏል? ግማሹ አስቀድሞ ተባዝቶበታል? ማንም አይጽፍም። "በትንሽ ለውጥ አይጎዳም" ትሉኛላችሁ። ልክ ነው፤ ዪልዱ 0.1 በመቶ ሲንቀሳቀስ የኮንቬክሲቲው ድርሻ 0.02 በመቶ ገደማ ነው። ነገር ግን ለውጡ 20 እጥፍ ሲያድግ ድርሻው 400 እጥፍ ያድጋል። የኪሳራ ጣሪያ የምናወጣው ለዚያ ቀን አይደለም እንዴ?

ማጣሪያው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ዋጋውን በ6 በመቶም በ2 በመቶም አውጡት፤ 72.47 እና 144.79 ታገኛላችሁ። ደምሩና 200 ቀንሱ፤ 17.26 ይቀራል። ለ100፣ ከዚያም ለ0.0004 አካፍሉት። 430 ገደማ ይወጣል። ለውጡን ባሳነሳችሁ ቁጥር ወደ 420 ይጠጋል። ሲስተሙ 4.20 ካለ መለኪያው ምን እንደሆነ ያኔ ታውቃላችሁ።

አውጪው ከጊዜው በፊት መልሶ ሊገዛው የሚችለው ቦንድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዪልድ ሲወርድ ዋጋው እንደሌላው አይወጣም፤ ኮንቬክሲቲውም ኔጌቲቭ ሊሆን ይችላል። እሱን ከኩፖኑና ከዕድሜው ብቻ አታስሉት፤ የመግዛት መብቱን ጨምራችሁ ዋጋ አውጡለት።

ከዛሬ ጀምሮ መለኪያው ያልተጻፈበት ሪፖርት ላይ አልፈርምም። አመሰግናለሁ።