ዘጠኝ ጊዜ አሸንፎ የሚከስር ሰው

የተከበራችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ በፎሬክስ ሰፈር ሁላችንም የለመድነው የሲግናል ማለትም የ«ግዛ፣ ሽጥ» ጥቆማ ሻጮች ማስታወቂያ አለ፤ «ሲግናላችን 90 ከመቶ ያሸንፋል» የሚል። ዛሬ የመጣሁት ስለዚህች 90 ለመናገር ነው። ውሸት ናት አልልም። እውነት ሆናም ኪስ ታራቁታለች ነው የምለው።

አንድ ትሬደር ዩሮን በዶላር ይገዛል እንበል። መጠኑ 0.1 ሎት ስለሆነ እያንዳንዱ ፒፕ፣ ማለትም ትንሿ የዋጋ እርምጃ፣ 1 ዶላር ነው። 5 ፒፕ ሲያተርፍ ይወጣል፤ ስቶፕ ሎሱን፣ ማለትም ኪሳራውን የሚቆርጥበትን ዋጋ፣ ግን ያስቀመጠው 60 ፒፕ ርቆ ነው። ከ10 ንግድ ዘጠኙን አሸነፈ፤ 45 ዶላር አገኘ። አሥረኛው ላይ 60 ዶላር ሄደ። የ15 ዶላር ኪሳራ! ቻናሉ ላይ ግን ዘጠኝ አረንጓዴ ምልክት ተደርድሮ ጭብጨባ ይጎርፍለታል።

ሌላው 20 ፒፕ አስይዞ 40 ፒፕ ይጠብቃል፤ አንድ ለሁለት የምንለው ይህ ነው። ስድስቱን ተሸንፎ 120 ዶላር አጣ፣ አራቱን አሸንፎ 160 አገኘ። 40 ዶላር ተረፈው። የዚህን ሰው ሲግናል ማን ይገዛል? ማንም!

ስሌቱ የመርካቶ ነጋዴ በቃሉ የሚሠራው ነው። የምታጡትን፣ የምታጡትና የምታገኙት ተደምረው በሚሰጡት ቁጥር አካፍሉ። ለሁለተኛው 20 ለ60 ሲካፈል 33 ከመቶ ገደማ ይመጣል፤ ከዚያ በላይ ካሸነፈ ያተርፋል። ለመጀመሪያው 60 ለ65 ነው፤ 92 ከመቶ አሸንፎ እንኳ ገና ባዶ እጁን ነው። ስፕሬድ፣ ማለትም የመግዣና የመሸጫ ዋጋ ልዩነት፣ 1 ፒፕ ጨምሩበት። የ5 ፒፕ ትርፍ 4 ሲሆን ኪሳራው 61 ይሆናል፤ የሚያስፈልገው ወደ 94 ከመቶ ይወጣል። ለሁለተኛው ግን ከ33 ወደ 35 ብቻ ነው ከፍ የሚለው። ትርፋችሁ ጠባብ በሆነ ቁጥር ብሮከሩ ከፍ ያለ ድርሻ ይወስድባችኋል።

አንድ ለሁለት ብሎ ወረቀት ላይ መጻፍ ብቻውንም አይበቃም። ሰውየው 15 ፒፕ ሲደርስ ፈርቶ ከዘጋ አራቱ ድል 60 ዶላር ብቻ ይሆናል፣ ስድስቱ ሽንፈት ግን ያው 120 ነው። ስለዚህ የምታዩት ያቀዳችሁትን ሳይሆን የተዘጉትን ንግዶች ነው፤ አማካይ ትርፍ ስንት፣ አማካይ ኪሳራ ስንት። ኢላማውን አርቆ አንድ ለአሥር ማለትም ዋጋው እዚያ ካልደረሰ ምንም አይፈይድም።

ስቶፕ ሎስም ዋስትና አይደለም። ጥር 2015 በፈረንጆች የስዊዝ ማዕከላዊ ባንክ ዩሮ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ያስቀመጠውን ወለል ድንገት ሲያነሳ፣ ብዙ ስቶፕ ከተጻፈበት ዋጋ እጅግ ርቆ ነው የተዘጋው።

እንግዲህ ነገ ሲግናል ሻጩ 90 ሲላችሁ፣ «ስትሸነፍ ስንት ፒፕ ነው የምታጣው?» በሉትና የተዘጉ ንግዶቹን ዝርዝር ሙሉውን ጠይቁት፣ ቀዮቹንም ጭምር።