ሁለተኛውን መብራት አጥፉት

ክቡራትና ክቡራን፣ የዛሬ ተመራቂዎች፣ እንዲሁም ከኋላ ረድፍ የተቀመጣችሁ የድሮ የሙያ ጓደኞቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ ቪዲዮ ጥራት በጠቅላላው እንድናገር ጠይቀውኝ ነበር፤ ስለ ድምፁም፣ ስለ ቅንብሩም፣ ስለ መብራቱም። ንግግሬን ስጽፍ ግን እጄ ከመብራቱ አልፎ አልሄድ አለኝ። ስለዚህ ሌላውን በሥልጠናው ተምራችሁታል ብዬ ልለፈውና እንቅልፍ ስለሚነሳኝ አንድ ጉዳይ ልናገር። በትንሽ ክፍል ውስጥ ሆናችሁ ተከታታይ ቪዲዮ የምትሠሩ ሁሉ፣ ሁለተኛውን መብራት አጥፉት።

ከኋላ ያላችሁት ትስቃላችሁ። ትዝ ይላችኋል፤ ሠርግ ስንቀርጽ አንድ ሺህ ዋት ሃሎጂን በእንጨት ላይ ተሸክመን ሙሽሮቹን እያላብን፣ ሚዜዎቹን እያጨናበስን፣ አማቶቹ ዓይናቸውን በእጃቸው ሲከልሉ «ወደዚህ ይመልከቱ» እንል ነበር። የዚያን ጊዜው ካሜራ ብርሃን ይጠማው ስለነበር አይፈረድብንም። ዛሬ በኪሳችሁ ያለው ስልክ በአንድ ተራ አምፖል ይጠግባል። ሱቅ ውስጥ ግን ምክሩ አልተለወጠም፦ «ቪዲዮህ አላማረም? መብራት ጨምር።» ሁለት ግዛ፣ ሦስት ግዛ፣ ክቡን ግዛ፣ ቀለም የሚቀያይረውን ግዛ! አንድም ሻጭ «ቤትህ ያለውን አጥፋ» ብሎ ሲመክር ሰምቼ አላውቅም። የማይሸጥ ምክር ማን ይሰጣል?

አንዲት ወጣት ልንገራችሁ። ኮተቤ አካባቢ በተከራየችው ክፍል ውስጥ የሂሳብ አያያዝ ትምህርት እየቀረጸች ለተማሪዎች ታካፍላለች። ትምህርቷ ግሩም ነው። ነገር ግን ቪዲዮዎቹን በተከታታይ ለተመለከተ ሰው መምህርቷ አንድ ቀን ወባ የያዛት ትመስላለች፣ በማግስቱ ብርድ የመታት፣ ቀጥሎ ደግሞ አረንጓዴ ጥላ ጉንጯ ላይ ያረፈባት። የአንዱን ቀን ስህተት በሌላው ቀን ቀርጻ ስታስገባማ መጋጠሚያው እንደ ተጣፈ ልብስ ፈጦ ይታይ ነበር። «ጋሼ፣ ካሜራ ልቀይር?» ብላ ጠየቀችኝ። ክፍሉን ልይ አልኳትና ሄድኩ።

ክፍሉ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ገደማ ነው። ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ጣሪያው ላይ ቢጫ አምፖል በርቷል፤ መጠቅለያው ላይ የብርሃኑን ቀለም የሚናገረው ቁጥር 3000 ኬልቪን ይላል። በግራ በኩል ሮዝ መጋረጃ የተጋረደበት መስኮት አለ። ከፊት ለፊቷ ደግሞ ሪንግ ላይት የሚሉት ክብ መብራት ቆሟል፤ ገመዱ ላይ ባለው ቁልፍ ቢጫ፣ ነጭና መካከለኛ የሚሆነው ዓይነት። የትኛው ላይ አድርጋ እንደምትቀርጽ ስጠይቃት «ሲያምረኝ የማየውን» አለችኝ። ወንበሩ ደግሞ ባለፈው የነበረበት ቦታ አልነበረም፤ ስትጠርግ ገፍታዋለች። እንግዲህ ቁጠሩ። የጣሪያው፣ የመስኮቱ፣ የክቡ፣ እንዲሁም ከግድግዳው ተንጸባርቆ የሚመለሰው አረንጓዴ፤ አራት ብርሃን አራት ቀለም ይዞ አንድ ፊት ላይ ያርፋል። ካሜራው ምን ያድርግ?

ካሜራ ነጩን ነጭ ለማስመሰል በአንድ ጊዜ ማስተካከል የሚችለው ለአንድ የብርሃን ቀለም ብቻ ነው። ለጣሪያው ቢጫ ሲያስተካክል የመስኮቱ ብርሃን ሰማያዊ ይሆናል፤ ለመስኮቱ ሲያስተካክል የጣሪያው ብርቱካን ይሆናል። በራሱ እንዲመርጥ ከተተወ በመካከላቸው ሲዋልል ይውላል፤ እርሷ ነቅነቅ ባለች ቁጥር ሐሳቡን ይቀይራል። በኋላ በኮምፒውተር ላስተካክለው ብትሉም አንዱን ጉንጭ ስታድኑ ሌላውን ታበላሻላችሁ።

«በመስኮት ብርሃን ቅረጹ፣ ነፃ ነው» እያሉ የሚያስተምሩትን በአክብሮት እቃወማለሁ። ለአንድ ፎቶግራፍ ከመስኮት የሚበልጥ የለም። ለተከታታይ ትምህርት ግን የሐምሌን ሰማይ የሚያምን ሰው ካለ እጁን ያውጣ! «ደህና ናችሁ» ብላችሁ ስትጀምሩ ፀሐይ ነበረች፣ «ወደ ዋናው ነጥብ ስንመጣ» ስትሉ ደመና መጥቷል። ነፃ ነው የተባለው ብርሃን ቀረጻውን ሁለቴ ያስደግማችኋል።

ያደረግነውን ልንገራችሁ። የጣሪያውን አጠፋን። መስኮቱ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቀልን፤ በጠርዙ ብርሃን እንዳያሾልክ ከግድግዳው ጋር በፕላስተር አጣበቅነው። ክቡን መብራት ከክፍሉ አስወጣነው። ከዚያ ከሰፈር ሱቅ አንድ ባለ 15 ዋት ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ገዛን፤ ስንመርጥ መጠቅለያው ላይ 5000 ኬልቪን እና Ra 90 የሚለውን ፈልገን ነው። Ra የሚለው ቁጥር አምፖሉ ቀለምን ምን ያህል በእውነተኛ መልኩ እንደሚያሳይ ይናገራል። ቁጥሩ 80 ሲሆን የቆዳችን ቀይ ቀለም ይሸሻል፣ ፊት አመድ የነካው ይመስላል። 90 ካላገኛችሁ በ80 መሥራት ይቻላል፤ ግን መጠባበቂያውንም ከዚያው ዓይነት ግዙ፣ የሌላ ፋብሪካ አምፖል ቀለሙ ሊለይ ይችላልና።

አምፖሉን በማቆሚያ ላይ አድርገን፣ ከፊቱ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርገን አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ አቡጀዲ ወጠርን። አቡጀዲው ሲያበራ ብርሃኑ ከአምፖሏ ሳይሆን ከጨርቁ ሁሉ ይመጣል፤ ስለዚህ የአፍንጫ ጥላ ጠርዙ ይለሰልሳል፣ ግንባር ላይ የሚያብለጨልጨው ነጥብ ይሰፋና ይደበዝዛል። ይህ ለጠይም ቆዳ ትልቅ ነገር ነው። የእኛን ፊት ቅርጽ የሚያወጣው ሰፊና ዝግ ያለ ነጸብራቅ ነው፤ ትንሽና ብርቱ መብራት ፊት ለፊት ሲደቀንብን ላብ ብቻ ነው የሚያሳየው።

ጨርቁን ከካሜራው በስተግራ አግድም 45 ዲግሪ ያህል፣ ከዓይኗ ትንሽ ከፍ አድርገን አቆምነው። ርቀቱ ላይ ግን ተከራከርን። እርሷ 60 ሳንቲ ሜትር ላይ እንዲሆን ፈለገች፤ በቅርብ ሲሆን ያምራላ። እኔ 120 አልኩ። ምክንያቱም ስታስተምር ወደ ደብተሯ ታጎነብሳለች። ብርሃን ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ወደ ሩብ ይወርዳል። ከ60 ሳንቲ ሜትር ላይ 20 ወደ መብራቱ ብትጠጋ ብርሃኑ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ ከ120 ላይ ያንኑ 20 ብትጠጋ የሚጨምረው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጨርቁ ሰፊ ስለሆነ ልዩነቱን ትንሽ ቢያለዝበውም መብራቱ ቅርብ ከሆነ ባጎነበሰች ቁጥር ፊቷ ይነጣል። ሄዳ ሄዳ ተስማማች። ወንበሩንም ከኋላ ግድግዳው 120 ሳንቲ ሜትር አራቅነው። ግድግዳው ከመብራቱ የሚደርሰው ከፊቷ የሩቡ ያህል ስለሆነ ያ የሚያስጠላው አረንጓዴ ወደ ጨለማው ገባ። ቀለም መቀባት አላስፈለገም።

አሁን አንጸባራቂው። የቴሌቪዥን ማሸጊያ ሆኖ የሚመጣው ነጭ ፎም፣ ወይም ነጭ ወረቀት የተለጠፈበት ካርቶን ይበቃል። ከመብራቱ በተቃራኒ በኩል፣ ከጉንጯ ግማሽ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከሥዕሉ ጠርዝ ውጭ ይቆማል። ሁለት ሥራ ይሠራል፤ የመብራቱን ብርሃን ወደ ጨለማው ጉንጭ ይመልሳል፣ እንዲሁም ከጎን ያለውን አረንጓዴ ግድግዳ ይጋርዳል። ብዙ ሰው ካርቶኑን ወደ ካሜራው አዙሮ «አይሠራም» ይላል። ካርቶኑ ብርሃን የሚመልሰው ፊቱ ወደ ዞረበት ወገን ነው። ሌላ ሰው ካርቶኑን በዝግታ ያዙርላችሁ፤ እናንተ የአፍንጫውን ጥላ በስልኩ ላይ እዩ። ጥላው ሳይጠፋ የቀለለበት ቦታ ላይ አቁሙት። አሉሚኒየም ፎይል አትለጥፉ፤ ብርሃኑን ሰብስቦ ስለሚመልስ ሁለተኛ መብራት ይሆንባችኋል። ከሁለተኛ መብራት ስሸሽ አይደለም እንዴ እስካሁን ድምፄ የሻከረው?

የወንበሩን አራት እግሮች፣ የመብራቱን ማቆሚያ፣ የካርቶኑን ጥግና የስልኩን ማቆሚያ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አደረግንባቸው። ከጨርቁ እስከ ወንበሩ መደገፊያ የሚደርስ ክር ቆርጠን ሰጠናት። ተከራይ ናት፣ ሌሊት ክፍሉ መኝታ ነው፤ ሁሉንም አንስታ በማግስቱ እዚያው ትመልሰዋለች።

የቀረው ስልኩ ነው። አንድ ቀን ነጭ ነጠላ ለብሳ ቀረጸች፣ ፊቷ ጠቆረ፤ ስልኩ ነጠላውን አይቶ ብርሃኑን ቀነሰው። ሌላ ቀን በጥቁር ሹራብ ፊቷ ከልክ በላይ ነጣ። ስልኩ የፕሮ ቪዲዮ ገጽ ካለው የነጭ ማስተካከያውን፣ WB የሚለውን፣ 5000 ላይ፣ ስልኩ ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን ISO የሚለውንና የመዝጊያውን ፍጥነትም ፊቷን አይታችሁ አንድ አንድ ቁጥር ላይ ቆልፏቸው፤ ቁጥሮቹን ግድግዳ ላይ ጻፏቸው። አይፎን ከሆነ ፊቷ ላይ ጣት አስቀምጦ AE/AF LOCK እስኪል መያዝ ነው። የመጀመሪያውን ቪዲዮ አንድ ምስል አስቀምጡና ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት ጎን ለጎን እዩት።

ምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ሲንሸራተቱ ካያችሁ አምፖሉ እየተርገበገበ ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ የመዝጊያውን ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 አድርጉት። ካልጠፋ አምፖሉን መልሱ።

መብራት ሲጠፋስ? ባትሪ ያለው አምፖል በባትሪ ላይ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ይደክማል። ስለዚህ ቀረጻውን አቁሙ፤ መብራቱ ሲመጣ ከዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ቀጥሉ። ሁሉም ነገር እዚያው ቦታ ስለሆነ ማንም አያውቅባችሁም።

ከዚህ አዳራሽ ጀርባ ባለችው ትንሽ ክፍል አምፖሉን፣ አቡጀዲውንና ካርቶኑን አቁሜአለሁ። ከንግግሩ በኋላ እየገባችሁ ሞክሩት። መነጽር ያላችሁ ቅድሚያ ግቡ፤ ነጸብራቁ ከመስታወቱ እስኪወጣ መብራቱን ከፍ ማድረግ አለብንና የእናንተ ጊዜ ይወስዳል። አመሰግናለሁ።