«ሐኪም እጠራለሁ» ከሚለው መልስ በፊት

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የዘንድሮ የነርሲንግ ተመራቂዎች፤

ከብዙዎቻችሁ ጋር እዚሁ ጅማ በልምምድ ጊዜ ሌሊት ተረኛ ሆነን አብረን ስላደርን፣ እንደ ታላቅ እህት እናገራለሁ። ለቅጥር በሚደረጉ ቃለ መጠይቆች ላይ ከጠያቂዎቹ ጋር ደጋግሜ ተቀምጫለሁ፤ «ድንገተኛ ሁኔታ ቢገጥምሽስ?» ሲባል ግን የምሰማው አንድ ዓይነት መልስ ነው፤ «ተረጋግቼ ሐኪም እጠራለሁ።» ይህ መልስ ያናድደኛል። ሐኪም መጥራት ግዴታ ነው፤ እስኪደርስ ድረስ እጃችሁ ምን ይሠራል?

አንድ ሌሊት ከወለደች ግማሽ ሰዓት ያልሞላት እናት «አዞረኝ» አለችኝ። አንሶላውን ስገልጥ ደሙ ፍራሹን አርሶታል። ሆዷን ስዳስስ፣ ጠንክሮ ሊገኝ የሚገባው ማህፀን እንደ ሊጥ ለስልሷል። ባልደረባዬን ጠርቼ፣ ሐኪሙም እንዲጠራ አድርጌ፣ ማህፀኑን ማሸት ጀመርኩ፤ ባልደረባዬም በሁለቱም ክንድ ሰፋፊ ካኑላ አስገብታ፣ በ1 ሊትር ሪንገር ላክቴት ውስጥ 20 ዩኒት ኦክሲቶሲን አንጠባጠበች። ማህፀኑ ጠንከር ይልና እጄን ሳላላ ተመልሶ ይለሰልሳል። ፊኛዋ ሞልቶ ማህፀኑን ወደ ላይ መግፋቱን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው፤ በካቴተር ሽንቱ ሲወጣ ማህፀኑ እጄ ሥር ኮስተር አለ። ሐኪሙ ሲገባ የወለደችበትን ሰዓት፣ የፈሰሰውን ደም ግምት፣ የልብ ምቷን፣ የደም ግፊቷን፣ የሰጠነውንና የሰጠንበትን ሰዓት ነገርኩት፤ እርሱም የእንግዴ ልጁ ሙሉ መሆኑንና መቀደድ አለመኖሩን ወደ ማየት አለፈ።

በቃለ መጠይቅም እንዲሁ ንገሩ፤ ያያችሁትን፣ መጀመሪያ ያደረጋችሁትንና ምክንያቱን፣ መሻሉን በምን እንዳወቃችሁ። ፊኛውን ዘግይቼ ማየቴን አልደብቅም፤ «ዛሬ ቢሆን ምን ትለውጪያለሽ?» ለሚለው ጥያቄ መልሴ እርሱ ነው። የራሳችሁ ገጠመኝ ከሌለ «በልምምድ ላይ ነበርኩ፤ ድርሻዬ የልብ ምት መቁጠር ነበር» በሉ። የሰው ታሪክ የወሰደ ሰው «ካኑላው ስንት ቁጥር ነበር?» ሲባል ይደናገራል።

ስለ አስቸጋሪ ታካሚ ስትጠየቁ «በትዕግሥት አስረዳለሁ» አትበሉ፤ በምን ቋንቋ? መርፌ አልወጋም ያሉ አንዲት እናት «እምቢተኛ ናቸው» ተብሎ በርክክብ ላይ ሲነገረኝ፣ ለካ በአፋን ኦሮሞ ያነጋገራቸው ሰው አልነበረም። በቋንቋቸው ብጠይቃቸው፣ የቀደመው መርፌ ክንዳቸውን አሳብጦት ነበር፤ ቦታውን ቀይረን ወጋናቸው።

ከባልደረባ ጋር አለመግባባትን በተመለከተ፣ የመድኃኒት መጠን ላይ ከተለያያችሁ መርፌው ይቁም፤ ሁለታችሁም የትእዛዝ ወረቀቱን አንብቡ፣ ካልጠራ ያዘዘውን ሐኪም ጠይቁ። ስለ አነጋገር ከሆነ ደግሞ ከታካሚው አልጋ ራቅ ብላችሁ ተነጋገሩ።

አመሰግናለሁ።