«ነጠላ ለብሳለች» ሲተረጎም

ጥያቄ፦ ከቱሉ ዲምቱ ነው የምደውለው። ልጄ የትርጉም የቤት ሥራው ላይ «ሴትዮዋ ነጠላ ለብሳለች» የሚለውን «ሺ ሃዝ ዎርን» ብሎ ጻፈና ተሳስተሃል ተባለ። ለብሳለች እኮ ያለቀ ድርጊት ነው፤ ምኑ ላይ ነው ስህተቱ?

መልስ፦ እናቱ፣ ልጅዎ ያለምክንያት አልጻፈውም። «በልታለች» ቢሆን ኖሮ «ሺ ሃዝ ኢተን» ትክክል ነበር። ችግሩ ያለው «ለበሰ» ላይ ነው። በእኛ ቋንቋ «ለበሰ» የሚናገረው ልብሱ ገላ ላይ የሚገባበትን ቅጽበት ነው። ያ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ሁኔታው ነው፤ ነጠላው ትከሻዋ ላይ ነው። እንግሊዝኛው «ዌር» ግን ከመነሻው ሁኔታውን ይዟል፤ ለማጥለቁ ሌላ ቃል፣ «ፑት ኦን»፣ አለው። ስለዚህ የእኛ ያለቀ ድርጊት የእነሱ ያላለቀ ሁኔታ ይሆናል፦ «ሺ ኢዝ ዌሪንግ»።

መለያው ቀላል ነው፤ ልጁ ግሱ ላይ «እየ» ይጨምርበት። «እየለበሰች ነው» ሲል ምን ይታየዋል? ነጠላው ገና እጇ ላይ ነው፣ እያጣፋች ነው። «እየተቀመጠ ነው» ሲልም ሰውየው ወንበሩን እየሳበ ነው እንጂ ገና አልተቀመጠም። እንዲህ ከሆነ «ለብሷል»፣ «ተቀምጧል»፣ «ቆሟል»፣ «ይዟል» በእንግሊዝኛ በአሁን ጊዜ ይጻፋሉ። «እየበላ ነው» ሲል ግን ጉርሻው አፉ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ «በልቷል» ያለቀ ሆኖ ይቀራል። «ደክሞኛል»ም ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነው፦ «አይ አም ታየርድ»።

«ትናንት» ሲገባ ግን ሌላ ነው። እኛ «ትናንት ሐኪም ቤት ሄዳለች» እንላለን፣ ጆሮም አይቆረቁርም። እንግሊዝኛ ግን «ሃዝ ጎን»ን ከ«የስተርዴይ» ጋር አያስቀምጥም፤ «ሺ ዌንት» ነው። በፈተና ወረቀት ላይ ደጋግሜ የማየው ስህተት ይሄ ነው።

«ትለብሳለች»ን ለብቻው አይተርጉመው። «በየእሁዱ» ካለ «ሺ ዌርስ»፣ «ነገ» ካለ «ሺ ዊል ዌር»። ከጎኑ ምንም ከሌለ ጥፋቱ የጥያቄው አውጪ ነው።

ጥያቄ፦ ከለገጣፎ። «ነጠላ አልለበሰችም» ከሆነስ? መምህራችን ሁለት መልስ ሰጡን።

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ነው። «ለብሳለች» የራሱ አሉታ የለውም፤ ሲካድ እንደ «ለበሰች» ሁሉ «አልለበሰችም» ይሆናል። ስለዚህ ሴትዮዋ ፊታችሁ ቆማ ከሆነ «ሺ ኢዝንት ዌሪንግ»፣ ወሬው ያለፈው እሁድ ከሆነ «ሺ ዲድንት ዌር» ነው። እኔ ተማሪዎቼን መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን ወደ አዎንታ መልሱት እላቸዋለሁ። «ለብሳለች» ከመጣ የመጀመሪያው፣ «ለበሰች» ከመጣ ሁለተኛው ነው።