አካውንት ፎር ሲሉህ የባንክ ደብተር አይደለም

ዳዊት፦ እሺ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ታሪክ ፈተና የትእዛዝ ቃላት ነው። አካውንት ፎር፣ አሰስ፣ ኢቫሉዌት። ጥያቄው የፈለገው ሌላ፣ ተማሪው የጻፈው ሌላ ስለሚሆንበት ነገር።

ሄለን፦ ይሄን ርዕስ የመረጥከው ቂም ይዘህ ነው።

ዳዊት፦ ቂም አይባልም። ቁስል ነው።

ሄለን፦ ንገራቸው በቃ። ካልነገርክ ወደ ርዕሱ አንገባም።

ዳዊት፦ አንደኛ ዓመት ነኝ። የታሪክ ፈተና፣ በእንግሊዝኛ። አንድ ጥያቄ ብቻውን 25 ነጥብ ይዟል። «አካውንት ፎር ዘ ኢትዮፒያን ቪክትሪ አት አድዋ» ይላል። አድዋ! እኔ የአያቴን ወሬ እየሰማሁ ያደግኩ ልጅ ነኝ። እስክሪብቶዬን ስነቅል ጦር የመዘዝኩ ነው የመሰለኝ።

ሄለን፦ አካውንት ሲል ግን የባንክ ሒሳብ አልመሰለህም?

ዳዊት፦ አንቺ ደግሞ! ሒሳብ አልመሰለኝም። «ዘገባ አቅርብ» መሰለኝ። ጀመርኩ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881፣ ውጫሌ። አንቀጽ 17 በአማርኛው አንድ ነገር፣ በጣልያንኛው ሌላ ነገር። ከዚያ ክተት። ከዚያ አምባላጌ። ከዚያ መቀሌ፣ እቴጌ ጣይቱ ምንጩን አስይዘው የጣልያን ምሽግ ውሃ ሲጠማ። ይሄን ብቻ አንድ ገጽ ተኩል ጻፍኩ።

ሄለን፦ አንድ ገጽ ተኩል ስለ ውሃ!

ዳዊት፦ ቆንጆ ነበር እኮ! የካቲት 23 ቀን 1888 ላይ ስደርስ እጄ ዝሏል፣ ሰዓቱ አልቋል። ድሉን በሦስት መስመር ጨረስኩት። ውጤቱ ሲመጣ ከ25 ዘጠኝ።

ሄለን፦ ከሒሳብህ ተቀንሶ።

ዳዊት፦ መምህሩ ዳር ላይ አንዲት ቃል ብቻ ነው የጻፈው። «ለምን?» አለ። እኔ ደግሞ ለምን ዘጠኝ ሰጠኝ ብዬ ስናደድ፣ እሱ ለካ «ለምን አሸነፉ?» እያለኝ ነው።

ሄለን፦ ወይኔ።

ዳዊት፦ አየሽ፣ «ጊቭ አን አካውንት ኦፍ» እና «አካውንት ፎር» የሚለያዩት በአንዲት ትንሽ ቃል ነው። የመጀመሪያው ተርክ ነው። ሁለተኛው ምክንያቱን አስረዳ ነው። የኔ መልስ ለመጀመሪያው ቢሆን ጥሩ ነጥብ ያገኝ ነበር።

ሄለን፦ ግን ምክንያትም አልጻፍክም? መቀሌ፣ ጣይቱ፣ ይሄ ሁሉ ምክንያት አይደለም?

ዳዊት፦ እዚህ ላይ ነው ነገሩ። መረጃው አለ፣ ሥራውን ግን አልሠራም። አንድ ላሳይሽ። የጣልያኑን ጄኔራል አልቤርቶኔን ታውቂዋለሽ።

ሄለን፦ ሌሊት የጠፋው።

ዳዊት፦ እሱ። የጣልያን ጦር አዛዡ ባራቲየሪ ወደ 17 ሺህ ግድም ሰው ይዟል። ሦስት ብርጌድ ከፊት፣ አንድ ከኋላ። ሌሊት ተነሥተው ጎን ለጎን ቦታ ሊይዙ ነው። አልቤርቶኔ ኪዳነ ምሕረት የሚባል ኮረብታ ላይ እንዲቆም ተነግሮታል። የካርታው ንድፍ ላይ ስሙ የተጻፈው ግን የተሳሳተ ቦታ ነው። መንገድ መሪዎቹ ደግሞ «እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ወደ ፊት ነው» አሉት። ሄደ። ብቻውን ርቆ ሄደ።

ሄለን፦ ይሄ ደስ ይላል፣ ጻፈው!

ዳዊት፦ ጻፍኩት እኮ! እንደ ወሬ ጻፍኩት። «ከዚያ አልቤርቶኔ መንገድ ሳተ።» ነጥብ የለውም። እንደ ምክንያት ሲጻፍ እንዲህ ነው፦ «ብርጌዶቹ ስለተራራቁ መደጋገፍ አልቻሉም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ጦር ተራ በተራ ሊመታቸው ቻለ።» መረጃው ያው ነው። አሁን ግን ድሉን ያስረዳል።

ሄለን፦ እሺ፣ ፈተና ላይ ተቀምጬ እየተረክኩ መሆኔን በምን አውቃለሁ?

ዳዊት፦ የአንቀጾችሽን መጀመሪያ እዪ። «ከዚያ»፣ «በማግስቱ»፣ ዓመተ ምሕረት... ከሆነ ተረት ላይ ነሽ። «አንዱ ምክንያት የጦሩ ብዛትና መሣሪያ ነው»፣ «ሌላው የጣልያን አመራር ነው» ከሆነ መንገድ ላይ ነሽ። ሌላም ዘዴ አለኝ። አንቀጾቹን በውዢ። ከተበወዙ በኋላም ትርጉም ከሰጡ ምክንያት ነው የጻፍሽው።

ሄለን፦ አይ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ምክንያትም ቅደም ተከተል አለው። መሣሪያው በፊት ካልተገዛ፣ ክተቱ ምን ይጠቅማል?

ዳዊት፦ እ... እሱስ ልክ ነሽ። ብቻ እንደ መመርመሪያ ያዥው።

ሄለን፦ ግማሹን ይዣለሁ። አሰስስ? ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ አንተ ገና አድዋ ላይ ነህ።

ዳዊት፦ አሰስም አድዋ ላይ ነው! «የጣልያን ስህተት ለኢትዮጵያ ድል ያለውን ድርሻ አሰስ አድርግ» ቢልሽ፣ ያው አልቤርቶኔ ይመጣል። አሁን ግን መመዘን አለበት። ምን ያህል ነው የሚለው።

ሄለን፦ በአማርኛ ገምግም ነው አይደል? ግምገማ።

ዳዊት፦ ግምገማ ስትዪ መሥሪያ ቤት ትዝ አለኝ። «ጓዶች፣ ጥንካሬም አለኝ፣ ድክመትም አለኝ» ብሎ መቀመጥ።

ሄለን፦ ከዚያ ሻይ።

ዳዊት፦ ተማሪውም እንደዚያው ነው የሚያደርገው! «የጣልያን ስህተት ሚና ነበረው፣ ሌሎች ምክንያቶችም ሚና ነበራቸው።» ጨረሰ። ይሄ ሚዛን ላይ ዕቃ አስቀምጦ ቁጥሩን አለማንበብ ነው። እኔ የማደርገውን ልንገርሽ፦ ምክንያቱን አወጣዋለሁ። አልቤርቶኔ ባይሳሳትስ? 100 ሺህ የሚጠጋ ሠራዊት፣ አብዛኛው ጠመንጃ የያዘ፣ አሁንም ፊቱ ቆሟል። ስለዚህ ስህተቱ ሽንፈቱን ያን ያህል ከባድ አደረገው እንጂ ብቻውን አላመጣውም እላለሁ።

ሄለን፦ ቆይ፣ የምኒልክ ጦርም እኮ ስንቅ እያለቀበት ነበር። ባራቲየሪ ትንሽ ቢታገስ ኖሮ ጦሩ ሊበተን ይችል ነበር። ስለዚህ ትልቁ ስህተት የአልቤርቶኔ አይደለም፣ መውጣቱ ራሱ ነው።

ዳዊት፦ የባራቲየሪም ስንቅ እያለቀ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ ደግሞ ከሮም በቴሌግራም እየወጋው ነው።

ሄለን፦ ቢሆንም ስህተት ነው። ሚዛኑ ወደ እኔ ያጋድላል።

ዳዊት፦ እሺ፣ አንቺም ነጥብ ታገኛለሽ፣ እኔም አገኛለሁ። ተቃራኒ ብንልም። ከመጀመሪያው መስመር ፍርድ ሰጥተናል፣ በምን እንደመዘንን አሳይተናል።

ሄለን፦ ኢቫሉዌትስ? ያው አሰስ ነው በለኝና እንሂድ።

ዳዊት፦ ያው አይደለም። ኢቫሉዌት ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሆነ ሰው ያለው ነገር አብሮ ይመጣል። «ድሉ የጣልያን ስህተት ውጤት ነው የሚለውን አስተያየት ኢቫሉዌት አድርግ።» ያን አባባል ይዘሽ የቱ ጋ ይጸናል፣ የቱ ጋ ይሰነጠቃል ትያለሽ።

ሄለን፦ የእንግሊዝ አገር ፈተና ላይ ግን «የዚህን አስተያየት ትክክለኛነት አሰስ አድርግ» የሚል አይቻለሁ። ያልከው ልዩነት የት ገባ?

ዳዊት፦ ... እሱ አውጪዎቹ ናቸው የሚያደበላልቁት።

ሄለን፦ ተሸነፍክ!

ዳዊት፦ አልተሸነፍኩም። ከፊትሽ አባባል ካለ አባባሉን መዝኚ፣ ምክንያት ካለ ምክንያቱን መዝኚ። ቃሉ አሰስም ይሁን ኢቫሉዌት።

ሄለን፦ እንዲህ ከሆነ እስማማለሁ። ግማሹን።

ዳዊት፦ ሁልጊዜ ግማሹን! መምህሩም እንዳንቺ ነበር የሚሰጠው።

ሄለን፦ እሱስ ግማሹንም አልሰጠህ። ዘጠኝ ነው ያገኘኸው። እስቲ አሁን የዚያን ፈተና የመጀመሪያ መስመር በል።

ዳዊት፦ «ኢትዮጵያ አድዋ ላይ ያሸነፈችው፣ በብዛትና በመሣሪያ የበረታ ጦር አንድ ቦታ ማሰባሰብ ስለቻለች፣ ጣልያን ደግሞ ያላትን ትንሽ ጦር በታትና ስላስመታችው ነው።»

ሄለን፦ ውሃውስ? ጣይቱስ?

ዳዊት፦ ... አንድ አንቀጽ ብቻ ፍቀጂልኝ።

ሄለን፦ ሦስት መስመር። ከዚያ በላይ ከአካውንትህ ይቆረጣል።