ግሳት ሁሉ ጨጓራ አይደለም

የተከበሩ የእድራችን ዳኛ፣ እናቶችና አባቶች፣ የሳቢያን ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዳኛችን ስለ ጤና አንድ ነገር በይልን ሲሉኝ ደስ እያለኝ ነው የተቀበልኩት። ስለ ግሳትና ስለ ስቅታ አወራለሁ። ነርስ ሆኜ ስሠራ እንደዚህ ያንገበገበኝ ነገር ጥቂት ነው። ሰፈራችን ውስጥ ሰው ደጋግሞ ካገሳ "ጨጓራህ ነው" ይባላል። ወዲያው አንዱ ጎረቤት የተረፈውን ኪኒን ያቀብለዋል። መረመረው ወይ? ጠየቀው ወይ? የለም!

አንድ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ አለ። ታሪኩን እንድናገር ፈቅዶልኛል። ለወራት ግሳት አላስቀምጥ አለው። ምሳ በላ አልበላ፣ ያገሳል። ተሳፋሪ ፊት ያፍራል። ኦሜፕራዞል ገዝቶ ዋጠ፣ አልተሻለውም። ሌላ ጨመሩለት፣ ያው ነው። በመጨረሻ ካንሰር ይዞኛል ብሎ እንቅልፍ አጣ።

እኔ ዘንድ ሲመጣ ኪኒን አልሰጠሁትም። አስቀመጥኩትና ጠየቅኩት። ተኝተህ ያገሳሃል? አያገሳኝም አለ። ከሰው ጋር ጨዋታ ስትይዝስ? ያኔ ይተወኛል። ደረትህን ያቃጥልሃል? ኮምጣጣ ውሃ ጉሮሮህ ድረስ ይመጣል? ምግብ አልወርድ ይልሃል? ከስተሃል? ለሁሉም የለም አለኝ። እያወራን ሳየው፣ ከእያንዳንዱ ግሳት በፊት አገጩን ቀና አድርጎ አየር ይስባል። ራሱ አያውቀውም። ያ አየር ሆዱ ጋ አይደርስም፤ ጉሮሮው ገብቶ ወዲያው ይመለሳል። ሆዱ የተነፋ ሲመስለው ለማቅለል ያገሳል፣ ለማግሳት ደግሞ አየር ይስባል። ኦሜፕራዞል አሲድ ይቀንሳል እንጂ አየር አይከለክልም።

ያሳየሁት ይህን ነው። ቁጭ በል። አንድ እጅህን ደረትህ ላይ፣ ሌላውን እምብርትህ ላይ አድርግ። አፍህን ትንሽ ከፈት አድርገህ በአፍንጫህ ቀስ ብለህ ተንፍስ። መነሣት ያለበት ሆድህ ላይ ያለው እጅ ነው። ከምግብ በኋላና ግሳቱ ሊመጣ ሲል ለጥቂት ደቂቃ እንዲህ አድርግ። በለስላሳ መጠጥ ፋንታ ውሃ ጠጣ፣ ማስቲካውን ተው፣ ስትበላ አትቸኩል። በአንድ ቀን አልለቀቀውም። ከሳምንታት በኋላ ግን ግሳቱ በጣም ቀነሰለት፣ እንቅልፉም ተመለሰ። ይህ ልጅ ሲበደር የኖረው ለኪኒን ነበር! ወገኖቼ፣ ኪኒን ቡና አይደለም፣ ጎረቤት አይጠራበትም!

አሁን ሌላውን ወገን ስሙኝ። እውነተኛ የአሲድ መመለስ አለ። ምልክቱ ግሳት ብቻ አይደለም። ከምግብ በኋላ ቃር ከደረት ወደ ላይ ይወጣል። ስታጎነብሱ ወይም ስትተኙ ኮምጣጣ ውሃ አፍ ድረስ ይመጣል። ሌሊት ያስላል፣ ጠዋት ድምፅ ይጎረንናል። ስቅታም አብሮ ሊመላለስ ይችላል። ምክንያቱም በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መካከል ያለው መዝጊያ ጡንቻ ሲላላ አሲዱ ወደ ላይ ያልፋል።

ድሬ ላይ ይህን የሚያባብሰውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከሰዓት በርጫ ላይ በለስላሳ ይቃማል። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ጨጓራም ምግቡን ቶሎ እንዳይለቅ ያደርጋል። ማታ አንዳንዱ በቢራ ይጨበስበታል፣ ቢራው ደግሞ ያንኑ መዝጊያ ያላላዋል። ርሃቡ የሚመጣው ከምሽቱ አራትና አምስት ሰዓት ላይ ነው። ሆድ ሞልቶ ወዲያው ይተኛል። አሲዱ ታዲያ ወዴት ይሂድ?

ስለዚህ በእራትና በመኝታ መካከል ሦስት ሰዓት ይኑር። የአልጋውን ራስጌ እግሮች በጡብ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። ትራስ መደራረብ ሆድን ስለሚያጥፍ አይተካውም። በግራ ጎን መተኛትም ይረዳል። ሐኪም ኦሜፕራዞል ካዘዘ ደግሞ ከቁርስ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ፣ በየቀኑ፣ ለታዘዘው ሳምንት ነው የሚዋጠው። ሲያማችሁ ብቻ ብትውጡት ጥቅሙ ይቀንሳል።

ስቅታ ብቻውን ሲሆን ብዙ ጊዜ ምንም አይደለም። ከልክ በላይ መብላት፣ ለስላሳ፣ ሚጥሚጣ፣ ድንጋጤ ያመጡታል፣ ይሄዳልም። ከሁለት ቀን ካለፈ ግን ሰው ስምህን አንሥቶ ነው እያላችሁ አትቀመጡ። ከአሲድ ሌላ የኩላሊት ወይም የአንጎል ሕመም፣ አንዳንዴም የሚወሰድ መድኃኒት ሊያመጣው ይችላል።

ምግብ ሲውጥ የሚያንቀው፣ ያለ ምክንያት የሚከሳ ሰው ካለ ቶሎ ይመርመር። ደም ካስመለሰው፣ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ነገ አትበሉ፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዱት። የሚውጠው ኪኒን ካለ ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሐኪሙ እሱን ማየት ይፈልጋል።

አመሰግናለሁ።