ጆሮ ሲጮህ፦ የድምፅ ሕክምናውና የጠብታው ብልቃጥ

[ምስል፦ ሌሊት፣ ጭር ያለ ክፍል፤ ከሩቅ ቀጭን «ሲ» የሚል ድምፅ]

ሃያ ዓመት ብረት በግራይንደር ሲቆርጥ የኖረ አንድ የበርና መስኮት ሠሪ በምሳሌነት እንውሰድ። ቀን ሥራ ላይ ሲውል ምንም አይሰማውም፤ ማታ ቤቱ ጭር ሲል ግን ሁለቱም ጆሮዎቹ ይጮኹበታል። የአንገት በላይ ሐኪም ሲያየው የጆሮው ታምቡር ደህና ነው፤ የመስማት ምርመራው ግን ቀጫጭን ድምፆችን የመስማት አቅሙ መድከሙን ያሳያል። ከውስጥ ጆሮ የሚደርሰው መልእክት ሲያንስበት አንጎል የራሱን የመስማት ሥርዓት ከፍ ስለሚያደርግ፣ ጣቢያ ያጣ ራዲዮ ድምፁ ሲጨመር እንደሚንሿሿው ሁሉ፣ ውጭ የሌለ ድምፅ ይሰማል የሚለው ማብራሪያ ዛሬ ሰፊ ተቀባይነት አለው።

[ምስል፦ ምልክት የሌለው ትንሽ ብልቃጥ]

«በሳምንት ያጠፋዋል» ተብሎ የሚሸጠው የጆሮ ጠብታ ወደ ውስጥ ጆሮም ሆነ ወደ አንጎል አይደርስም፤ ታምቡሩ ላይ ይቆማል። ታምቡሩ የተቀደደ ከሆነ ደግሞ ወደ ውስጥ አልፎ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ታዲያ «እኔን አድኖኛል» የሚሉ ሰዎች ሁሉ ዋሽተዋል ማለት አይደለም። ጩኸቱ በጆሮ ኩክ መደፈን ብቻ የመጣባቸው ሰዎች ኩኩ ሲለሰልስና ሲወጣ ሊሻላቸው ይችላል፤ ከዚያም በላይ ጩኸቱ በራሱ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ በባሰበት ቀን የተገዛ ማንኛውም ነገር በማግስቱ የሠራ ይመስላል።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የነርቭ ተመራማሪው ፓዌል ጃስትሬቦፍ ያቀረበው፣ አንጎልን ከጩኸቱ ጋር የማላመድ ሕክምና ዝምታን አይሸጥም። ባለሙያው ድምፁ ከየት እንደሚመጣና አደጋ አለመሆኑን በዝርዝር ያስረዳል፤ ከዚያ ለስላሳ የማያቋርጥ ድምፅ፣ ለምሳሌ የዝናብ ወይም የፋን ድምፅ፣ ይጨመራል። ብዙዎች የሚሳሳቱት መጠኑ ላይ ነው፦ ጩኸቱ እስኪዋጥ ድረስ ከፍ ካደረጉት አንጎል የሚላመደው ነገር ያጣል፤ ስለዚህ ሁለቱ ድምፆች መቀላቀል ከሚጀምሩበት ነጥብ ጥቂት ዝቅ ይደረጋል። ለበር ሠሪያችን የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ራሱ የአካባቢውን ድምፅ ስለሚመልስለት ከሁሉ ይቀድማል።

ይህም ቢሆን ወሰን አለው። በ2019 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጦር ሆስፒታሎች በ151 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ሙሉው የማላመድ ሕክምና ከተለመደው እንክብካቤ የተለየ ብልጫ አላሳየም፤ ሁሉም ቡድኖች ግን ተሻሽለዋል። እኔ ከዚህ የምረዳው ዋናው ሥራ የማስረዳቱና የጊዜው ሳይሆን አይቀርም የሚል ነው።

ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ ከልብ ምት ጋር ከመታ ወይም መስማት በድንገት ከቀነሰ ግን ቀናት ሳያልፉ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

በር ሠሪው ለውጡን የሚለካው «ጠፋ ወይ?» ብሎ አይደለም፤ በቀን ስንት ሰዓት ትዝ እንዳለው በየወሩ ይጽፋል። ከዓመት በኋላም ሆን ብሎ ካዳመጠ ይሰማዋል፤ እራት ላይ ግን ልጆቹ ሲያወሩ ረስቶት ይቆያል።